ጥንድ፣ ሦስትዮሽ ወይስ አንድ ለአምስት? ተማሪ ተማሪን ሲያይ የቱ ይሻላል

ነገሩን በአንድ ክፍል እንየው። ሰባተኛ ክፍል፣ 48 ተማሪ፣ 8 ኳስ፣ 40 ደቂቃ። የዕለቱ ትምህርት ከታች የሚመታ የመረብ ኳስ ሰርቪስ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሰውነት ማጎልመሻ የሚያስተምር ሰው ይህን ክፍል ያውቀዋል። እንዲያውም ስምንት ኳስ ካለው ደህና ነው ይባላል።

አንድ መምህር በ40 ደቂቃ ውስጥ የ48 ልጅ ክርን አይቶ ለእያንዳንዱ የሚረባ ነገር መናገር አይችልም። ስለዚህ የልጆቹን ዓይን መበደር ግድ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ምሁሩ ሙስካ ሞስተን በ1966 እ.ኤ.አ. የማስተማር ስልቶችን በቅደም ተከተል ሲደረድር ሦስተኛው ላይ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው መምህሩ በሰጠው መመዘኛ እያየ ያየውን ይነግረዋል፣ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ግን ልጆቹን እንዴት እንደምታደራጁ ካልወሰናችሁ ግማሹ ይጫወታል፣ ግማሹ ያወራል፣ ቼክሊስቱም ኪስ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል።

የሚመረጡት አደረጃጀቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። በጥንድ፣ በሦስትዮሽ፣ ወይም የበረታው ተማሪ ለሌሎቹ አስተማሪ ሆኖ። እኔ ለዚህ ክፍልና ለዚህ ትምህርት ሦስትዮሹን ነው የምመርጠው። ሌሎቹም ግን ቦታ አላቸው።

በጥንድ

የሞስተን መጽሐፍ የሚለው ይህን ነው። መቺና ተመልካች፣ ሁለት ብቻ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መደበቂያ የለም፣ እያንዳንዱ ልጅ ወይ ይመታል ወይ ያያል። ተቀባይ ለማያስፈልገው ነገር፣ ለምሳሌ ገመድ ለመዝለል፣ ሚዛን ለመጠበቅ፣ ቆሞ ወደ ፊት ለመዝለል፣ ከጥንድ የሚሻል የለም።

ሰርቪስ ላይ ግን ይሰናከላል። ኳሱ ከተመታ በኋላ አንድ ሰው ሮጦ ማምጣት አለበት። የሚሮጠው ብዙ ጊዜ ተመልካቹ ይሆናል፣ ሮጦ ሲመለስ ደግሞ ያየውን ረስቶታል። በዚያ ላይ 48 ልጅ 24 ጥንድ ነው። ኳሱ ስምንት ነው። ሦስት ጥንድ በአንድ ኳስ ማለት ሁለቱ ጥንድ ሁልጊዜ ሥራ ፈት ነው ማለት ነው፤ ሥራ የፈታ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ምን እንደሚያደርግ ለመምህር አይነገርም።

አንድ ለአምስት

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትምህርት ቤት ውስጥ ያላለፈበት የለም። ጎበዙ መሪ ይሆናል፣ አምስቱ ይከተላሉ። ሐሳቡም ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የበሰለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፣ በመድረሳም ቀደም ያለው አዲሱን ያስቀራል። ቀድሞ ያወቀ ለቀጣዩ ያካፍላል፣ ሠርቷልም።

ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ቀለም ማስቀጸል ላይ ታላቁ የሚያውቀውን ቃል በቃል ነው የሚያስተላልፈው፤ ስህተቱንም ወዲያው በጆሮው ይሰማዋል። ሰርቪስ ላይ ደግሞ መሪው ጥሩ ይመታል ማለት የሌላውን ስህተት ያያል ማለት አይደለም። ክርኑ የተቃና ልጅ ክርኑ እንደተቃና ላያውቅ ይችላል። "እንደ እኔ አድርግ" ይላል፣ ይመታል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። በመጨረሻ ብዙ ኳስ የመታው መሪው ሆኖ ይገኛል። መማር የነበረባቸው ቆመው ዋሉ።

ታዲያ መቼ ይጠቅማል? በክፍሉ ውስጥ ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ሲሆን ነው። ጥቂቶቹ ሰፈር ውስጥ ሲጫወቱ አድገው ሰርቪሱን ጨርሰውት፣ ሌሎቹ ኳስ ነክተው የማያውቁ ከሆነ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ታዲያ መሪዎቹን ከክፍለ ጊዜው በፊት አሥር ደቂቃ ለብቻ ሰብስቡ። ምን እንደሚያዩ፣ የት እንደሚቆሙ፣ ምን እንደሚሉ አሳዩአቸው። አንድ ሕግም ስጡ፤ መሪው ኳስ የሚመታው ለማሳየት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ሕግ ከሌለ አደረጃጀቱን ባትጀምሩት ይሻላል።

ሦስትዮሽ፣ ሁለት ሁለቱ ፊት ለፊት

አሁን ወደ ምወደው ልምጣ። ሦስት ልጅ፤ መቺ፣ ተመልካች፣ ኳስ ያዥ። ሌላ ሦስት ልጅ በመረብ ፈንታ ከተዘረጋ ገመድ ማዶ ፊት ለፊት ይቆማል። ስድስቱ በአንድ ኳስ ይሠራሉ። ከዚህ የተመታውን ኳስ የማዶው ኳስ ያዥ ይይዝና ለራሱ መቺ ይሰጣል፣ ያ ደግሞ ወደዚህ ይመታል። 48 ልጅ ለስድስት ሲካፈል ስምንት ነው። ኳሱም ስምንት ነው። አለቀ።

የዚህ አደረጃጀት ትልቁ ጥቅም የኳስ ቁጥር አይደለም። ኳሱ ማዶ ሲሆን እዚህ ያለው ተመልካች ለመናገር ጊዜ ያገኛል። የሚሮጠው ኳስ ያዡ ነው፣ ተመልካቹ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ዓይኑ መቺው ላይ ነው። መቺውም ኳሱ እስኪመለስ የተነገረውን ያስባል። በጥንድ ሲሠራ ይህች ክፍተት የለችም።

"ሁለት ልጅ ቆሞ እያለ አንዱ ብቻ ይመታል፣ ልምምድ አይቀንስም ወይ?" የሚል ይኖራል። እናስላው። አንድ ምት ኳሱ ተይዞ እስኪመለስ 20 ሰከንድ ያህል ይወስዳል እንበል። ስድስት ልጅ በአንድ ኳስ ተሰልፎ 24 ደቂቃ ቢመታ 72 ምት ይወጣል፣ ለአንድ ልጅ 12። በሦስትዮሹ ደግሞ አንድ ተራ ማለት የወዲህ መቺ አምስት፣ የማዶ መቺ አምስት፣ በድምሩ አሥር ምት ነው። ከንግግሩ ጋር አራት ደቂቃ ይፈጃል። ሦስቱም ተራ እንዲደርሳቸው 12 ደቂቃ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር 24 ደቂቃ። እያንዳንዱ ልጅ አሥር ጊዜ ይመታል። 12 ከአሥር ጋር ነው ልዩነቱ። ሰልፉ ላይ ግን ሌሎቹ አምስቱ የፊተኛውን ማጅራት ነው የሚያዩት።

ሜዳውን በተመለከተ፣ ስምንት መረብ አያስፈልግም። አንድ ረጅም ገመድ ይበቃል። ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ሜትር ስፋት ብትሰጡ 24 ሜትር ገመድ ነው፤ በዛፍና በግንድ፣ ወይም በጎል ቋሚ አስሩት። መሐሉ እንዳይረግብ በእንጨት ደግፉት። መደበኛው የሴቶች መረብ ከፍታ 2 ሜትር ከ24 ነው፣ የወንዶቹ 2 ሜትር ከ43። ለጀማሪ ይህ አያስፈልግም፣ ሁለት ሜትር ይበቃል። ከገመዱም አምስት ስድስት ሜትር ርቀው ይቁሙ፤ የሜዳው መጨረሻ ዘጠኝ ሜትር ስለሆነ ከዚያ ይጀምሩ ካላችሁ ልጁ ጉልበት ለማግኘት ሲል ቅርጹን ሁሉ ያበላሸዋል።

ደሴ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጦሳ ተራራ ሥር ደልዳላ ሜዳ ማግኘት ዕድል ነው። ሜዳው ጋደል ካለ ገመዱን ከዳገት ወደ ቁልቁለት ዘርጉት፤ ያኔ ምቱ ዳገቱን አግድም ይሄዳል፣ ሁለቱም ወገን እኩል ይቆማል። አለበለዚያ የታችኛው ቡድን ኳስ ሲያሳድድ ይውላል። ኮምቦልቻ ሜዳው ይሻላል፣ ፀሐዩ ነው የሚያስቸግረው፤ ተመልካቹ ፀሐዩን ፊት ለፊት እንዳያይ ወገኑን ምረጡለት። ዓይኑን የሚጨፍን ተመልካች ምን ያያል?

ቼክሊስቱ

የትኛውንም አደረጃጀት ብትመርጡ ወረቀቱ ካልተስተካከለ ነገሩ አይሠራም። ብዙ ጊዜ የማየው ቼክሊስት አሥር ነጥብ ይደረድራል፤ "አቋሙ ጥሩ ነው?"፣ "ኳሱን በትክክል መታ?" የሚል። ልጁ "ትክክል" ምን እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ወረቀቱ ባላስፈለገው። ነጥቡ በዓይን ታይቶ አዎ ወይም አይደለም የሚባል መሆን አለበት። ለቀኝ እጅ መቺ እኔ የምጽፈው ይህን ነው፦

1. ግራ እግሩ ከፊት ነው?
2. ኳሱ ወገብ አካባቢ ነው? ሲለቀውስ ከፍ ብሎ አልተወረወረም?
3. ቀኝ እጁ ክርኑ ሳይታጠፍ ከኋላ መጣ?
4. ከመታ በኋላ እጁ ወደ ማዶ፣ ወደሚልክበት ተዘረጋ?

አራት ናቸው። ሁለተኛው ላይ አንድ ማስታወሻ፤ ደንቡ ኳሱ ከመመታቱ በፊት ከያዘው እጅ መለቀቅ አለበት ይላል። ጀማሪው ይህን ሲሰማ ኳሱን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል፣ ከዚያ ሲመታው ይስታል። ትንሽ ብቻ ለቀቅ ማድረግ በቂ ነው።

"ኳሱ ገመዱን አለፈ?" የሚል ነጥብ እንደሌለ አያችሁ? ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት። እሱ ከገባ ሁሉም ዓይኑን ከመቺው ነቅሎ ኳሱን ይከተላል። ጎል ቆጠራ ይሆናል። ኳሱን ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ለማየት ተመልካች አይሾምም።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። ምቱ ራሱ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። በዚያች ቅጽበት አራቱንም ነጥብ ማየት እኔም አልችልም፣ ልጁማ እንዴት ይችላል? ስለዚህ በአንድ ዙር አንድ ነጥብ ብቻ ይታይ። በመጀመሪያው ዙር አምስቱንም ምት እግር ብቻ። በሁለተኛው ክርን ብቻ። ሁለተኛውና አራተኛው ነጥብ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቆዩ። በእግር የምጀምረው ለማየት በጣም ቀላሉ ስለሆነ ነው፤ እግር ቆሞ ይጠብቃል፣ ክርን ግን ብልጭ ብሎ ያልፋል።

ምልክት ማድረጉም ቢሆን ከ✔ እና ✘ ይልቅ ቁጥር ይሻላል። "ከአምስቱ ስንቱ ላይ ክርኑ ቀጥ አለ?" ብሎ መቁጠር ያለበት ልጅ አምስቱንም ማየት ግዴታው ነው። ወረቀት ማባዛት ለቸገራችሁ ደግሞ አምስት ጠጠር ይበቃል። ተመልካቹ አምስቱን በግራ እጁ ይይዛል፣ ነጥቡን ባየ ቁጥር አንድ ወደ ቀኝ ያዛውራል። ነጥቦቹን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋችሁ፣ ከአጠገቡም ሥዕል ሠርታችሁ ገመዱ ላይ ስቀሉ። ነፋስ አይወስደውም፣ እርሳስ አይጠፋም። ማንበብ ለሚከብደው ልጅም ሥዕሉ ይደርስለታል።

የት ይቁም? ከመቺው ጎን፣ በሚመታበት እጅ በኩል፣ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ። ከኋላ የቆመ ክርን መታጠፉን አያይም። ከፊት የቆመ ደግሞ ኳስ ይመታዋል። ቦታውን በኖራ ወይም በድንጋይ ምልክት አድርጉበት፣ ካልሆነ ሁለት ምት ሳይቆይ ተንቀሳቅሶ መቺው አጠገብ ሄዶ ታገኙታላችሁ።

ምን ብሎ ይንገረው?

ልጆች ሳይማሩ የሚሰጡት ግብረ መልስ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ "ጎበዝ!" ወይ "አትችልም!"። በእኛ አገር ሦስተኛም አለ፤ "አብሽር"። አብሽር ደስ ይላል፣ ልብ ያሳርፋል፣ ክርን ግን አያቃናም። ስለዚህ የሚናገሩትን ቃል ራሱን ካርቶኑ ላይ ጻፉላቸው፤ መጀመሪያ ያየኸውን በቁጥር ተናገር፣ ከዚያ አንድ የሚደረግ ነገር ጨምር። "ከአምስቱ ሁለቴ ክርንሽ ቀጥ ብሏል። አሁን እጅሽን ከኋላ ስትጀምሪ ጀምሮ ቀጥ አድርጊው።" በቃ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። አብሽሩን ከፈለገ ከዚህ በኋላ ይጨምረው።

እስቲ አንድ ቡድን እንከተል። መቺዋ አምስት ስትመታ ኳሱ በተደጋጋሚ ሽቅብ ይወጣና ገመዱ ሳይደርስ ይወድቃል። ተመልካቹ ኳሱን እያየ "በኃይል ምቺው እንጂ!" ይላታል። በኃይል ትመታለች፣ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ እዚያው ይወድቃል። መምህሩ ይመጣል። እዚህ ላይ የሁላችንም እጅ ይበላናል፤ ልጅቷን ይዘን ክርኗን ማቃናት እንፈልጋለን። አይደረግም። መምህሩ የሚያናግረው ተመልካቹን ነው።

"የዚህ ዙር ነጥብ ምንድን ነው?"
"ክርን።"
"ስንት ጠጠር አዛወርክ?"
"...አንድ።"
"እንግዲያው ምን ትላታለህ?"
"ክርንሽ እየታጠፈ ነው።"
"ቀጥል፣ እሷን ንገራት።"

ሲነግራት መምህሩ ወደ ሌላ ቡድን ሄዷል። ክርኑ ሲታጠፍ እጅ ኳሱን ወደ ፊት በመግፋት ፈንታ ከሥር ወደ ላይ ይቀዝፈዋል፣ ለዚያ ነው ሽቅብ የሚወጣው። በሚቀጥለው ተራዋ ክርኗ ከአምስቱ ሦስቴ ቀጥ ካለ ኳሱ ራሱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ገመዱን ባያልፍ እንኳ ተመልካቹ ሦስት ጠጠር አዛውሯል፤ ለውጡን አይቷል፣ ነግሯታል።

መምህሩ በቀጥታ ልጅቷን ቢያርም ኖሮ ምን ይከተላል? ለአንዷ ልጅ ሊጠቅም ይችላል። ተመልካቹ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሥራው አልቋል። መምህሩ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ መቺዋም የእሱን አትሰማም። በሦስቱም አደረጃጀት ላይ ይህ እኩል ይሠራል።

የማይሠራ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

አንደኛው ምልክት ሁሉም አምስት ከአምስት ሲሆን ነው። ኳሱ ወደ ጎን እየበረረ ጠጠሩ ሁሉ ቀኝ እጅ ላይ ከሆነ ወይ ጓደኝነት ነው፣ ወይ አላየም። ማጣሪያው ቀላል ነው። አንዱን መቺ ራቅ ብላችሁ አምስት ምት እዩ፣ የራሳችሁን ቁጥር ያዙ፣ ከዚያ ተመልካቹን ጠይቁት። በአንድ ቢለያይ ግድ የለም። እናንተ አንድ ብላችሁ እሱ አምስት ካለ ነጥቡ አልገባውም ማለት ነው፤ ክርን የታጠፈውንና የተቃናውን ለሁሉም ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አሳዩ።

ሁለተኛው ጓደኝነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ይህ የሚመጣው ውጤቱ ማርክ ሲሆን ነው። የተማሪን ቼክሊስት ተከታታይ ምዘና ውስጥ አታስገቡት። "አንድ ያልከው አንተ ነህ፣ ማርኬን ያስቆረጥከው" የሚል ጠብ ከትምህርት ቤት በር ውጪ ይቀጥላል። ማርክ መስጠት ካለባችሁ ለራሳችሁ ቀን ያዙለት።

ሦስተኛው የቡድኑ አመራረጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ። ስህተትን ከማያውቁት ልጅ መስማት ይከብዳል፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በግድ ሲቀላቀሉ ደግሞ ተመልካቹ አፉን ይዘጋል። ሲለምዱ ቀላቅሉ።

በመጨረሻ የቱንም የማትመርጡበት ጊዜ አለ። ጨዋታ ላይ አይሆንም፤ ኳሱ ከየት እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሰዓት ተመልካቹ ምን እንደሚያይ አይያዝለትም። አሎሎ ውርወራና መሬት ላይ መገልበጥም እንዲሁ፣ አንገት የሚያሰብር ነገር ለሰባተኛ ክፍል ዓይን አይተውም። ልጁ ውጤቱን ራሱ ማየት የሚችልበት ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ የተሳለ ክብ መምታት፣ ተመልካች መመደቡ ሰው ማባከን ነው፤ ወረቀቱን ለራሱ ስጡትና ይቁጠር። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ በጥንድ ሁኑና አንድ ነጥብ ብቻ ስጡ፣ እሱም እግር ይሁን። ሦስት ሰው ተራ ሲለዋወጥ ማን ምን እንደነበረ ይጠፋባቸዋል።